መጀመሪያ የሚሰማው ሐዲስ

የጥቁር አዝሙድ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። በቀደም ቅዳሜ ገበያ አንዲት ሴትዮ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ «አሽትቺውማ፣ ንጹሕ ነው» ስትለኝ ጆሮዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ያምሻል እንዴ? ለጆሮም ፍቱን ነው» አለችና ዋጋውን ጨመረችብኝ። አላመመኝም። ያኔም አላመመኝም ነበር። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው አንድ ደግ ሰው ያመመኝ መስሏቸው ነው።

አምስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ፣ ከእናቴና ከአባባ ጋር እንኖራለን። አባባ የምለው የእናቴን አባት ነው። ሰፈሩ አያ ኑሩ ይለዋል፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል፣ እኔ ከጨርቅ ቁርጥራጩ ላይ ቁጭ ብዬ ሐዲስ በቃሌ እቀጽላለሁ። ሐዲስ ማለት ረሱል፣ ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁንና፣ የተናገሩት ወይም የሠሩት ነገር ነው። አባባ ሌላውን ወሬ ሁሉ መርፌ በከንፈሩ ነክሶ ያወራል፤ ሐዲስ ሊነግረኝ ሲል ግን መርፌውን ከደረቱ ላይ ይሰካል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ቆቡን ያስተካክላል። ደንበኛ ቢመጣ እንኳ «ቆይ አንዴ» ይለዋል። በዚህ የተነሣ የሄዱ ደንበኞች ነበሩ፤ እናቴ ስታማርር እሰማ ነበር።

ከሐዲሱ በፊት ሁልጊዜ ስሞች ይመጣሉ። እገሌ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ፣ እየተባለ ረሱል ዘንድ ይደርሳል። ይህን የስም ሰልፍ ሰነድ ይሉታል። እኔ በልጅ አእምሮዬ እውነተኛ ሰልፍ አድርጌ ነበር የማየው፤ ልክ ለስኳር ቀበሌ በር ላይ እንደሚሰለፉት ዓይነት። ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌዎች ከአዲስ ዓለም ተነሥተው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ እስከ መዲና ድረስ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ቆሟል። ከመጨረሻው፣ ከአባባ ኋላ፣ እኔ አለሁ።

«ከመሀል አንዱ ቢዋሽስ?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«ከእሱ በታች የቆመው ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል» አለኝ። «የሰሚ ሥራው ያልሰማውን ሰማሁ አለማለት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።»

አባባ የማይነግረኝ አንድ ሐዲስ ነበር። የርኅራኄው ሐዲስ ይለዋል። ምን እንደሚል ስጠይቀው «በኪታብ አንብቤዋለሁ፤ አልሰማሁትም» ይላል። ያነበበውን እንዲነግረኝ ብለማመጥ ብለማመጥ አሻፈረኝ አለ። እኔ ደግሞ የተከለከልኩት ነገር ሁሉ ማር ስለሚመስለኝ አላስቀምጠው አልኩ። በመጨረሻ ነገሩን አስረዳኝ።

ይህ ሐዲስ ልማድ አለው። መምህር አዲስ ተማሪ ሲመጣለት ከሐዲስ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ያሰማዋል። ተማሪውም ሲያስተላልፍ «ከመምህሬ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ሐዲስ ይህ ነው» ይላል። መምህሩም ከእሱ መምህር ሲሰማ እንደዚያው ብሏል፤ የመምህሩ መምህርም እንደዚያው። ከሌላ ሰው አፍ የፈለግሽውን ያህል ሐዲስ ብትሰሚ ግድ የለም። ከዚያ መምህር አፍ ግን አንድ ሌላ ሐዲስ ከቀደመ፣ ቀዳሚነቱ አለቀ። ተመልሶ አይገኝም።

ለአባባ ያ መምህር ሸህ ያሲን ናቸው። ከአይከል ወዲያ፣ ቆላው ጫፍ ላይ ባለች መንደር ይኖራሉ። ጎንደር ውስጥ ስማቸው ሲነሣ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዕድሜያቸው ከመግፋቱ የተነሣ ከእሳቸው ጋር የተማሩት ሁሉ አልቀዋል። ዋርካ የሚያህል ሰው፣ በጣም ትልቅ፣ ነጭ በቅሎ የሚጋልብ፣ ሲናገር ተራራ የሚመልስለት አድርጌ ነበር የማስባቸው።

በዚያ ክረምት ሸህ ያሲን ታመው ዳኑ የሚል ወሬ መጣ። አባባ መኪናውን መርገጥ አቆመ። ማታ እናቴን «ሰዓዳን ይዣት ልሄድ ነው» አላት።

እናቴ እሳት ሆነች። «በዚህ ጭቃ? መንገዱ ተንዷል እየተባለ? ምነው አባየ፣ ልጅቱ ገና ልጅ ናት እኮ።»

«ልጅ መሆኗ ነው ሸጋው» አለ አባባ። «እሳቸው አርጅተዋል፣ እሷ ገና ናት። ልጅ ነገር ከለየ የሰማው ይያዝለታል፤ ሲያድግ ያስተላልፋል። አላህ ዕድሜ ከሰጣት ነገ በሷና በእሳቸው መካከል ማንም አይገባም። ሰነዱ አጭር ይሆናል። እኔን አታስቢኝ፣ የኔ ነገር አልፏል።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያኔ ልብ አላልኳትም። ስለ ጭቃውና ስለ አዲሱ ኮንጎ ጫማዬ ነበር የማስበው።

ሚኒባሱ መንገዱ እስከተናደበት ድረስ ወሰደንና አራገፈን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ቀይ ጭቃው ጫማዬን እየጠባ ያስቀርብኛል፤ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ እጮሃለሁ፣ አባባ ተመልሶ ያወጣልኛል። እሱ በቀኝ እጁ ጃንጥላ፣ በግራው ለሸሁ የሰፋውን ነጭ ጀለቢያ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ለራሱ የሚከፍተውን ጃንጥላ ለጀለቢያው ነበር የሚይዘው። ማታ ላይ አይከል ደርሰን የክር ነጋዴ ወዳጁ ቤት አደርን። እግሬን በሞቀ ውኃ ስታጥብልኝ የቤቱ እመቤት በሳቅ ሞተች፤ ጭቃው ሲለቅ ሌላ ልጅ የወጣች ይመስል ነበር።

በማግሥቱ ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። መንገድ ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች፣ ደጃፏ ላይ አንገቷ ላይ ክር ያሰረች ሴት ቆማ ታየናለች። «ግቡ እንጂ፣ ምነው ትበሰብሳላችሁ» አለችና አስገባችን። የተቆላ ሽንብራ በሰፌድ አቀረበችልን። እሳቱ ጭስ ብቻ ነበር፤ ዓይኔ እያነባ ሽንብራውን እቆረጥማለሁ።

«ወዴት ነው አያ፣ በዚህ ዝናም?» አለችው።

«ሸህ ያሲን ዘንድ።»

«ልጅቷ ታማ ነው?»

«ኧረ ደኅና ናት። ከእሳቸው አንድ ቃል ልትሰማ ነው።»

ሴትዮዋ ሰፌዱን ወደ እኔ እየገፋች አሰበች። «ለአንድ ቃል? በስልክ አይነግሯትም?»

አባባ ሳቀ። «በስልክማ አፋቸውን መቼ ታያለች?»

«እሱስ ነው» አለች። «እንዲህ የተለፋለት ሸጋ ቃል መሆን አለበት። ከሰማሽው በኋላ በዚህ ስታልፊ ለኔም ትነግሪኛለሽ።» እሺ አልኳት። አባባ ወዲያው «ስታድግ ትነግርሻለች» ብሎ አረመኝ። ሴትዮዋ «ያን ያህል እንኳ አልጠብቅም» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ዝናቡ ሲያባራ የኑጉ ማሳ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ወጣ። መሬቱ ይሞቅ ጀመር፣ ከደጋው የመጣው ብርድ ኋላችን ቀረ። ድንጋይ ላይ አረፍ ብለን አባባ ጫማውን ሲያራግፍ ጠየቅኩት። «አንተ ለምን ከእሳቸው አልሰማኸውም? ተማሪያቸው ነበርኩ ትል የለ?»

ጠጠሩን ከጫማው ውስጥ ለቀመ።

«ጎረምሳ ሳለሁ በዚሁ መንገድ መጣሁ» አለ በኋላ። «ያኔ ማኪና የሚባል በዚህ የለም። ስደርስ ሸህ ያሲን ደጃፋቸው ላይ ለደረሶች፣ ለተማሪዎቻቸው፣ እያስተማሩ ነው። ከመድከሜ የተነሣ ከግድግዳው ሥር ዘፍ አልኩ። ገና ሰላም ሳልላቸው አንድ ሐዲስ ተናገሩ፣ ጆሮዬ ገባ። አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥኩ፣ ተማርኩ። የርኅራኄውን ሐዲስ ግን አልጠየቅኳቸውም። ቀዳሚነቱን አጥፍቼ በምን አፌ እጠይቃለሁ? እሱን የሚያሰሙ ቀን ወጥቼ ውጭ እቆማለሁ። ከዚያ ወደ አገሬ ተመለስኩ።»

«የቱን ሐዲስ ነበር የሰማኸው?»

«ምን ያደርግልሻል?» አለና ተነሣ።

እኔ በልቤ በጣም ተናደድኩለት። አንድ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ ተብሎ ይህን ያህል ዘመን! በእሱ ቦታ ብሆን ጆሮዬን እደፍን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አፌም አላረፈ፣ አልኩት። ለካ እሱም ይህንኑ አስቦ ነው የመጣው።

የመንደሩ መስጂድ ቆርቆሮ ከታች ብልጭ ሲል አባባ ከኪሱ ጥጥና አንዲት ብልቃጥ አወጣ። ጥጡን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ነከረው። ደረቅ ጥጥ ድምፅ ያሾልካል፣ የተነከረ ግን ድፍን ያደርጋል አለኝ። መስጂዱ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ እንዳለው ሰምቷል፤ ሸሁ በዚያ ሰዓት እያስተማሩ ቢሆንስ? ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈነልኝ። ዘይቱ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ አንገቴ ወረደ፣ ሽታው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። አባባ ከፊቴ ተንበርክኮ አፉን እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር ነገረኝ። አልሰማሁትም፤ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ደስ አለውና ግንባሬን ሳመኝ።

በተደፈነ ጆሮ መንደር መግባት ያስቃል። ውሻው አፉን ይከፍታል፣ ጩኸት የለም። ሴቶች ከበር ከበር ብቅ እያሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የምሰማው የራሴን ልብ ብቻ ነበር። አባባ ከመስጂዱ ግቢ ዋርካ ሥር አስቀመጠኝ፣ በእጁ «እዚችው» አለኝ፣ ጥጡን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና ጀለቢያውን ለሸሁ ልጅ ለመስጠትና ለሶላት ለመታጠብ፣ ውዱእ ለማድረግ፣ ወደ ጓሮ ሄደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በግቢው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። በግቢው ካለው ቤት አንድ አጭር፣ ቀጭን ሽማግሌ በምርኩዝ ወጡ። በቅሎ የለም። ተራራም አይመልስላቸውም። ከእኔ ብዙም አይረዝሙም። ግን ሰው እንደዚያ የሚነሣላቸው ሸህ ያሲን ብቻ መሆናቸው ገባኝ። ወደ ሌላው ሳይሆን ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። እንግዳ ልጅ፣ ብቻዋን፣ ጆሮዎቿ ተደፍነው፣ መድኃኒት አንገቷ ላይ የሚፈስ። ሌላ ሰውም ቢሆን ምን ያስባል?

አጎንብሰው የግራውን ጥጥ ቀስ ብለው ጎተቱት። እኔ መልሼ ገፋሁት። ፈገግ አሉና እንደገና ጎተቱት። አባባ ከሸህ ጋር መታገል ይኖርብሻል ብሎ አልነገረኝም፤ እጄ ዛለ። ጥጡ ወጣ፤ የግቢው ድምፅ ሁሉ፣ ዶሮውም ሕፃኑም፣ አንዴ ዘው አለብኝ።

«አይዞሽ፣ እኔ አላሳምምሽም» አሉ። ቀኝ እጃቸውን ጆሮዬ ላይ አሳረፉ። መዳፋቸው ደረቅና ሙቅ ነበር። «ረሱል ከቤተሰባቸው ሰው ሲታመም በቀኝ እጃቸው እየዳሰሱ ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹የሰዎች ጌታ ሆይ፣ ሕመሙን አስወግድ። ፈውስ፣ ፈዋሹ አንተ ነህ። ካንተ ፈውስ በቀር ፈውስ የለም፤ ሕመም የማያስቀር ፈውስ› ይሉ ነበር።» ከዚያ በዓረብኛው ደገሙትና እፍ አሉብኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ያላመመኝ ጆሮዬ የዳነ መሰለኝ። ቃሉ አንድ ሳይጎድል ተቀመጠልኝ። እሳቸው በምርኩዛቸው ወደ መስጂዱ ካዘገሙ በኋላ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ዱዓ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ዱዓ ሁሉም ሰው ያደርጋል። እሳቸው ግን «ረሱል እንዲህ ይሉ ነበር» ብለዋል። ያ ሐዲስ ነው። ከሸህ ያሲን አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ሐዲስ። ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠን፣ ጥጥ ነክረን፣ ጥጡ ራሱ ጠርቶ አመጣው።

ጥጡን ከመሬት አንሥቼ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩና መልሼ ደፈንኩት። አባባ ሲመጣ ፊቱ እርጥብ ነበር፣ ጺሙ ላይ የውኃ ጠብታ አለ። ጥጦቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አየና እንዳሉ ሲያገኛቸው ሳቀልኝ። አባባን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዐስር የሚባለው የከሰዓቱ ሶላት እንዳለቀ ሸህ ያሲን በበግ አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ደረሶቹ ዙሪያውን ከበቡ። አባባ ጆሮዎቼን ከፈተልኝና ከፊታቸው አስቀመጠኝ፤ ራሱ ግን ጫማ ማውለቂያው ጋ፣ በሩ አጠገብ ቀረ። ሊወጣ ነው። በሥራው ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲደነፋ የሚውለው አባባ እዚያ ሲቆም ድምፁ ቀጠነብኝ።

«ሸሃችን፣ ከጎንደር ነው የመጣነው። ይህች የልጄ ልጅ ናት። የቀዳሚነቱን ሐዲስ እንዲያሰሟት ነው። ከእርስዎ አፍ ምንም ሐዲስ አልሰማችም፤ ተጠንቅቄአለሁ።»

ሸሁ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። ያዩኝን መርሳታቸው ነው ወይስ ማጣራታቸው፣ ዛሬም አላውቅም። «ሰሚዋ ራሷ ትናገር» አሉ። «ከዚህ በፊት ከኔ የሰማሽው ሐዲስ አለ?»

የለም ብል ማንም አያውቅም። አባባ ከበሩ ሆኖ ዓይኑን ጥሎብኛል፤ ከንፈሩ በዱዓ ይንቀሳቀሳል። የለም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያ ሰልፍ ታየኝ፤ ጥምጣም ያሰሩት ሽማግሌዎች ከመዲና ጀምሮ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። እያንዳንዳቸው «የመጀመሪያው ነው» ያሉት እውነት ሆኖ ነው።

«አለ» አልኩ።

አባባን ላለማየት አጎዛውን አየሁ።

«ምንድን ነው የሰማሽው?»

ቀኝ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንደነገሩኝ አልኩት፤ በአማርኛውም በዓረብኛውም። ስጨርስ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «ጆሮዬን አላመመኝም ነበር። ጥጡ እንዳልሰማዎት ነው» አልኳቸው።

ሸህ ያሲን መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው፣ አንድ ደረሳ ውኃ እስኪያቀብላቸው ድረስ ሳቁ። ደረሶቹም ሳቁ። ከበሩ በኩል ግን የሳቅ ድምፅ የለም። ዞር ስል አባባ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፍኖ ግድግዳውን ተደግፏል።

ሸሁም አዩት። ሳቃቸው ተሰበሰበ። «አንተ ሰው፣ ና ወደዚህ። ድምፅህን የማውቀው ይመስለኛል።»

አባባ ቀረበ፤ ከኔ ኋላ ተቀመጠ። «ኑሩ ነኝ ሸሃችን። ድሮ እዚህ ደረሳዎ ነበርኩ።»

«ኑሩ። ትዝ አልከኝ። እኔ የርኅራኄውን ሐዲስ ሳሰማ ተነሥቶ የሚወጣው ልጅ። ሆድህን ያምህ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሆዴን አይደለም። የመጣሁ ዕለት ሌላ ሐዲስ ከአፍዎ ቀድሞ ሰማሁ። ቀዳሚነቱን አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ? ይህችን እንኳ እንዳታጣው ብዬ ይዣት መጣሁ። እሷንም በጥጤ አሳጣኋት።»

«ምን ነበር ያኔ የሰማኸው?»

ዞሬ አባባን አየሁት። «‹አግሩ፣ አታክብዱ› የሚለውን» አለ ቀስ ብሎ። «ነገርን ለሰው አቅልሉለት፣ አታክብዱበት ያሉትን።»

ሸህ ያሲን በዚህኛው አልሳቁም። እጃቸውን በኔ ትከሻ ላይ አሳልፈው የአባባን ጉልበት ያዙ። «ታዲያ ልጄ፣ ምነው በራስህ ላይ እንዲህ አከበድክ?» አሉት።

አባባን «ልጄ» ሲለው የሰማሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ፣ ግን የሚናገሩት ለሁለታችን ነበር። ሰነዱን ይዘረዝሩልን ጀመር፤ ከእሳቸው ወደ ወሎው ሸሃቸው፣ ከወሎ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሌላ አገር። በየስሙ ላይ «ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ሐዲስ ነው» ይላሉ፤ ሰልፉ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ የጥንት የመካ ሊቅ ጋ ደረሰና ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ያበቃል» አሉ። «ይህ ሊቅ ከራሱ መምህር ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር ያለ የለም። ቀዳሚነቱ የጀመረው ከእሱ በታች ነው። ከእሱ በላይ፣ እስከ ረሱል ድረስ፣ ሐዲሱ ብቻውን ነው የሄደው። ቀዳሚነቱ ጌጥ ነው፤ ሸጋ ጌጥ፣ እኔም ስለምወደው ነው የምጠብቀው። ጌጡ የጠፋበት ሰው ልብሱን አይጥልም።»

እኔን አፍጥጠው አዩኝ። «አንቺ አድገሽ ስታስተላልፊ ከሸህ ያሲን የሰማሁት የመጀመሪያው ነው አትበይ። እውነት አይደለም። በዚያ መቀመጫ፣ በዚያ ትምህርት ላይ፣ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ነው በይ፤ ይህን ሊቃውንቱ ፈቅደዋል። ከሁሉ የቀደመው የቱ ነበር ያሉሽ እንደሆነ ጆሮሽን ይዘሽ ያንን ንገሪያቸው። ገባሽ?»

ገባኝ አልኳቸው። ገብቶኝ ነበር።

«ኑሩ፣ አንተም ከሷ ኋላ አትሁን። ሰሚና ሰሚ እኩል ነው የሚቀመጠው።» አባባ ጉልበቱን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ክንዱ ክንዴን ነካኝ። ሸህ ያሲን አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ልክ አባባ እንደሚያደርገው ነው፤ ለካ አባባ ከእሳቸው ነው የወሰደው። ከዚያም አሰሙን።

«ለሚራሩት፣ ርኅሩኁ ጌታ ይራራላቸዋል። በምድር ላለው ራሩ፣ በሰማይ ያለው ይራራላችኋል።»

ይኸው ነው። ለዚህች ነው ያን ሁሉ የሄድነው፤ ባጭሩ ማለቋ ገርሞኝ ሌላ ይቀጥል እንደሆነ አፋቸውን አየሁ። አጠገቤ አባባ ሳግ ይዞት ያለቅሳል፤ እንደ ልጅ፣ ሳይደበቅ። እኔም የጋቢውን ጫፍ ይዤ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ በውል አላውቅም፣ እሱ ስላለቀሰ ይመስለኛል።

ሸህ ያሲን ጠበቁ። ደረሶቹም ጠበቁ። አባባ አፍንጫውን ጠራርጎ ቀና ሲል፣ «ኑሩ፣ ጨርሰህ ሰምተኸዋል?» አሉት።

«መጨረሻው ላይ ለቅሶዬ ሸፈነብኝ ሸሃችን።»

«እንግዲያ ሰማሁ ማለት አትችልም» አሉት፤ ተጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ ፊት አቅርበው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ቃል በቃል ደገሙለት። አባባ በዚህኛው አላለቀሰም። ዓይኑን ከአፋቸው ላይ ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«አሁን ሰማሁ» አለ።